ሒሳብ በአማርኛ፦ የታክሲው ሜትር እና የመስመሩ ዳገት

የዚህ ወር ዓምዳችን በተለይ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ላሏችሁ ነው። የታናናሾቹም ወላጆች ብታነቡት አይጎዳም፤ ተራው መድረሱ አይቀርም።

እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ልጆቹ 8ኛ ክፍል ላይ በቀጥታ መስመር የሚሣሉ ግራፎችን ይማራሉ። ደብተራቸውን ብትገልጡ y = mx + b የሚል ቀመር ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን አገር ቤት y = ax + b ብለን የተማርነው ያው እሱ ነው፤ የተለወጠው ፊደሉ ብቻ ነው። m የምትለዋን ፊደል እዚህ «ስሎፕ» ይሏታል። በአማርኛ የመስመሩ ዳገትነት ማለት እንችላለን።

ልጆቹ ቀመሩን በቃላቸው ይይዙታል፤ ግራፉንም ይሥሉታል። «እሺ፣ ይሄ m ምን ይነግርሃል?» ሲባሉ ግን ብዙዎቹ «ራይዝ ኦቨር ራን» ብለው ያቆማሉ። እሱ የማስላቱ መንገድ ነው እንጂ ትርጉሙ አይደለም። ትርጉሙን ያልያዘ ልጅ፣ ጥያቄው በቃላት ተጽፎ ሲመጣ የትኛውን ቁጥር የት እንደሚያስገባ ይጠፋበታል። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያልቀውም እዚያ ላይ ነው።

ትርጉሙን ለማስረዳት ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ሲያትል ውስጥ ታክሲ የነዳ ወይም የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። የታክሲ ሜትር እንዴት እንደሚቆጥር የሚያውቅ ሰው ስሎፕን ያውቃል፤ ስሙን ብቻ ነው ያልሰማው።

ሜትሩ ሁለት ነገር ያውቃል

ለብዙ ዓመታት የሲያትል ታክሲዎች የሠሩበትን ታሪፍ እንውሰድ። ሜትሩ ሲከፈት 2.60 ዶላር ያሳያል። ከዚያ በየማይሉ 2.70 ዶላር ይጨምራል። መኪናው ሲቆም ደግሞ በየደቂቃው 50 ሳንቲም ይቆጥራል፤ የደቂቃውን ነገር ለጊዜው እናቆየውና መንገዱ ክፍት ነው፣ ታክሲው ሳይቆም ይሄዳል እንበል። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚሻሻል ዛሬ መኪናው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሌላ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው።

እንግዲህ ሁለት ቁጥሮች አሉን። አንዱ መነሻ ነው፤ ተሳፋሪው ገና ቁጭ ሲል፣ ጎማው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞር የሚከፈል። ይሄ አንዴ ይከፈላል፣ አለቀ። ሌላው ማይል በጨመረ ቁጥር የሚጨምረው ነው። የመጀመሪያው b ነው፤ ሁለተኛው m ነው።

«በጨመረ ቁጥር» የምትለዋን አነጋገር ልብ በሏት። አማርኛችን ስሎፕን የሚገልጽበት የራሱ መንገድ አለው። «ማይሉ በጨመረ ቁጥር ሒሳቡ ሁለት ከሰባ ሁለት ከሰባ ይጨምራል» ስንል፣ አንደኛ፣ ሁለት ነገሮች አብረው እንደሚለዋወጡ ተናግረናል። ሁለተኛ፣ «ሁለት ከሰባ ሁለት ከሰባ» ብለን ቁጥሩን ስንደግመው፣ ጭማሪው ሁልጊዜ እኩል መሆኑን ተናግረናል። ጭማሪው እኩል ስለሆነ ነው ግራፉ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ የሚወጣው። ልጃችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ በትክክል መናገር ከቻለች m ምን እንደሆነ ገብቷታል ማለት ነው።

ሠንጠረዡና ግራፉ

ካሬ ካሬ ያለው ወረቀትና ማስመሪያ አውጡ። መጀመሪያ ግራፉን አትሣሉ፤ ልጁ ሠንጠረዡን ራሱ ይሙላ፦

0 ማይል፦ 2.60 ዶላር
2 ማይል፦ 8.00 ዶላር
4 ማይል፦ 13.40 ዶላር
6 ማይል፦ 18.80 ዶላር
8 ማይል፦ 24.20 ዶላር
10 ማይል፦ 29.60 ዶላር

ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ አግድም፣ አንድ ወደ ላይ የቆመ መስመር ይሥመር። አግድሙ ላይ ማይል፣ የቆመው ላይ ዶላር ይጻፍ። ስድስቱን ነጥቦች አስቀምጦ በማስመሪያ ሲያያይዛቸው ቀጥ ያለ መስመር ይወጣለታል። መስመሩ የቆመውን መስመር የሚነካው 2.60 ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ «ይሄ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «መነሻው፣ ገና ሳንንቀሳቀስ የምንከፍለው» የሚል መልስ ነው የምትፈልጉት።

አሁን ስሎፑን ከግራፉ ላይ እናውጣ። ማናቸውንም ሁለት ነጥቦች መምረጥ ይቻላል። 2 ማይል ላይ 8.00 ነበር፤ 6 ማይል ላይ 18.80 ሆነ። ሒሳቡ በ10.80 ዶላር ጨመረ፤ መንገዱ በ4 ማይል ጨመረ። 10.80ን ለ4 ስናካፍል 2.70 ይመጣል። ሌላ ሁለት ነጥብ ቢወስድም፣ ለምሳሌ 4ንና 10ን፣ ያው 2.70 ይመጣል። ይህን ልጁ ራሱ ይሞክረው። «የትም ብትጀምር ያው ነው» የሚለው ነገር በራሱ እጅ ሲወጣለት ነው የሚያምነው።

ልጆቹ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ዋናው ስሕተት ይሄ ነው። ልጁን «የ1 ማይል ሒሳብ 5.30 ነው፤ የ10 ማይልስ?» ብትሉት፣ ቶሎ ብሎ «53 ዶላር!» ይላል። ትክክለኛው 29.60 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እስከ 7ኛ ክፍል የለመደው የብርቱካን ሒሳብ ነው። አንድ ብርቱካን አንድ ዶላር ከሆነ አሥሩ አሥር ዶላር ነው። ብርቱካን ሻጭ ግን መነሻ አያስከፍልም። ልጁ 5.30ን በ10 ሲያባዛ፣ መነሻውንም አሥር ጊዜ አስከፈለ ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ እንዲህ ማውራት ይሻላል፦

— ታክሲው ውስጥ ስንት ጊዜ ገባህ?
— አንዴ፣ አባዬ።
— ታዲያ መነሻውን ስንት ጊዜ ትከፍላለህ?
— አንዴ።
— አንተ ግን አሥር ጊዜ ነው የከፈልከው። በየማይሉ ወርደህ እንደገና ተሳፈርክ እንዴ?

ይህን ስሕተት የሚያጠራ ሌላ ጥሩ ሥራ አለ። ጠቅላላ ሒሳቡን ለማይሉ እያካፈለ ይጻፍ። 1 ማይል ሲሄድ አንዱ ማይል 5.30 ወጣበት። 2 ማይል ሲሄድ 4.00 ሆነ። 10 ማይል ሲሄድ 2.96 ሆነ። ቁጥሩ እየወረደ ወደ 2.70 ይጠጋል፤ ግን 2.70 አይደርስም። መነሻው ለብዙ ማይል ሲከፋፈል እየቀለለ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። አጭር መንገድ በታክሲ መሄድ ውድ የሚመስለንም ለዚህ ነው። እንግዲህ ጠቅላላውን ለማይል ማካፈል ሌላ፣ ጭማሪውን ለጭማሪው ማካፈል ሌላ ነው። ስሎፕ ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይደጋገማል። ልጁ ሠንጠረዡን አይቶ «ከ8.00 ወደ 13.40 በ5.40 ጨመረ፤ ስለዚህ ስሎፑ 5.40 ነው» ይላል። ጭማሪውን በትክክል አይቷል፤ ማይሉ ሁለት ሁለት እየዘለለ መሆኑን ግን አላየም። 5.40 የሁለት ማይል ነው። ግራፍ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል፤ ልጁ ካሬዎችን ይቆጥራል፣ አንዱ ካሬ ስንት ዶላርና ስንት ማይል እንደሆነ ግን ይረሳል። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለስንት ማይል?»

ሦስተኛው፣ ሁለቱን ቁጥሮች ማቀያየር ነው። በእኛ ታሪፍ መነሻውና የማይሉ ዋጋ ተቀራራቢ ናቸው። ትክክለኛው y = 2.70x + 2.60 ነው። ልጁ አገላብጦ y = 2.60x + 2.70 ብሎ ቢጽፍና «እስቲ በ1 ማይል አረጋግጥ» ብትሉት፣ 5.30 ይመጣለትና «ትክክል ነው» ይላል። ሁለቱም በ1 ማይል 5.30 ይሰጣሉና! ስለዚህ ማረጋገጫው በ0 ማይል ይሁን። በትክክለኛው 2.60 ይወጣል፤ በተገለበጠው 2.70። ወይም በ10 ማይል፦ 29.60 እና 28.70። በ0 ማይል ስታዩ መነሻው ብቻውን ራቁቱን ይቀራል፤ መደበቂያ የለውም።

ዳገቱ የቢከን ሂል ዳገት አይደለም

«ዳገትነት» ስንል አንድ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። የምንኖረው ኮረብታ ላይ ነው። ልጁ ግራፉ ሽቅብ ሲወጣ ሲያይ «ታክሲው ዳገት እየወጣ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ልጆች ግራፍን እንደ ሥዕል ሲያዩት የሚመጣ የታወቀ ስሕተት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ታክሲው ከቢከን ሂል ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሬኒየር ቫሊ ቢወርድ ግራፉ ምን ይሆናል?» ብዙ ልጆች በእጃቸው ቁልቁል ያሳያሉ። ሜትሩ ግን ቁልቁለት አያውቅም። መኪናው ወጣም ወረደ፣ ማይሉ በጨመረ ቁጥር ሒሳቡ ይጨምራል፤ መስመሩ ሽቅብ ይሄዳል። ግራፉ የሚወጣው ዳገት የዶላር ዳገት ነው። ዳገቱ ቢበረታ ማይሉ ተወደደ ማለት ነው፤ መንገዱ ከበደ ማለት አይደለም።

ይህን ለማሳየት ባቡሩ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከነሐሴ 2024 ማብቂያ ጀምሮ የሊንክ ባቡር ለአዋቂ የትም ቢሄዱ 3 ዶላር ነው። ከቢከን ሂል ጣቢያ ተሳፍረው ቀጣዩ ጣቢያ ቢወርዱም፣ ኤርፖርት ድረስ ቢሄዱም ያው 3 ነው። ግራፉን በዚያው ወረቀት ላይ ይሣለው፤ 3 ዶላር ላይ አግድም የተጋደመ መስመር ይሆናል። ማይሉ ቢጨምርም የሚጨምር ነገር የለም፤ ስሎፑ ዜሮ ነው። ከ2024 በፊት ግን የባቡሩ ዋጋ እንደ ርቀቱ ከፍ ይል ነበር። የልጆቹ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ስለማይከፍሉ የእነሱ መስመር አግድሙ መስመር ላይ ተኝቶ ይቀራል።

መስመሩ ቀጥ የማይልባቸው ጊዜያት

አሁን ያቆየነውን ደቂቃ እንመልከት። ታክሲው 4 ማይል ሄዶ ትራፊክ ውስጥ 6 ደቂቃ ቆመ እንበል። ማይሉ አልጨመረም፤ ሜትሩ ግን በደቂቃ 50 ሳንቲም እየቆጠረ 3.00 ዶላር ጨመረ። ግራፋችን ላይ ይህ ምን ይመስላል? 4 ማይል ላይ መስመሩ ከ13.40 ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ 16.40 ይቆማል፤ ከዚያ በድሮው ዳገትነቱ ይቀጥላል። ልጁ «ታዲያ እዚያ ጋ ስሎፑ ስንት ነው?» ቢል፣ 3.00ን ለ0 ማይል ማካፈል ሊኖርበት ነው፤ እሱ ደግሞ አይቻልም። መፍትሔው አግድሙ ላይ የተጻፈውን መለወጥ ነው። በማይል ፈንታ ደቂቃ ብንጽፍ ለቆመው ጊዜ ቀጥ ያለ ግራፍ እናገኛለን፤ ስሎፑም በደቂቃ 0.50 ዶላር ይሆናል። ስሎፕ ባዶ ቁጥር አይደለም፤ ሁልጊዜ «ዶላር በማይል»፣ «ዶላር በደቂቃ» የሚል ስም አለው። ልጁ «2.70» ብቻ ብሎ ሲመልስ «ምኑ? በምን?» በሉት።

የአዲስ አበባው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ታሪፉ የተከፋፈለ ነው፤ እስከዚህ ኪሎ ሜትር ድረስ ይህን ያህል፣ ከዚያ አልፎ እስከዚያኛው ድረስ ያን ያህል። በአንዱ ክፍል ውስጥ ቶሎ የወረደውም ዘግይቶ የወረደውም እኩል ይከፍላሉ፤ ወሰኑን ሲያልፉ ሒሳቡ በአንዴ ዘለል ይላል። ግራፉ ደረጃ ይመስላል እንጂ ቀጥ ያለ መስመር አይሆንም። የኛም ታክሲ ሜትር ቢሆን በጣም ቀርበው ካዩት በሳንቲም በሳንቲም የሚዘል ትናንሽ ደረጃ ነው፤ ደረጃዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ነው በመስመር የምንሥለው። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ስንከራከር የኖርንበትን ዋጋ ግን የትኛውም ግራፍ አይችለውም!

የቤት ሥራ

ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። ልጆቹ በአማርኛ ያስረዱ፤ «ስሎፕ» እና «ግራፍ» ማለት ይችላሉ፤ «መነሻ» እና «በጨመረ ቁጥር» ግን መግባት አለባቸው።

አንድ። ሜትሩ 21.50 ዶላር ያሳያል፤ ታክሲው የትም አልቆመም። ስንት ማይል ሄደ? (መጀመሪያ መነሻው ይቀነስና 18.90 ይቀራል፤ ለ2.70 ሲካፈል 7 ማይል። ልጁ ሳይቀንስ ካካፈለ የዋናው ስሕተት ወንድም ነው።)

ሁለት። ሌላ ታክሲ መነሻው 5.10፣ በየማይሉ ደግሞ 2.20 ነው እንበል። በዚያው ወረቀት ላይ ሁለቱንም ይሣሉ። የትኛው ነው የሚረክሰው? (መልሱ «እንደ መንገዱ» ነው። ሁለቱ መስመሮች 5 ማይል ላይ፣ 16.10 ዶላር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በታች የኛው ይረክሳል፤ ከዚያ በላይ ያኛው። መነሻው ከፍ ያለው መስመር ዳገቱ ለስለስ ያለ ስለሆነ ኋላ ላይ ይቀደማል።)

ሦስት። ከቢከን ሂል ሲ-ታክ ኤርፖርት 10 ማይል ገደማ ነው። የአንድ ሰው ታክሲና የአንድ ሰው ባቡር ሒሳብ ስንት ስንት ነው? አራት አዋቂ ሆነው ቢሄዱስ? (ታክሲው መንገድ ካልተዘጋበት 29.60፤ ባቡሩ ለአንድ ሰው 3፣ ለአራት 12። እዚህ ላይ አግድሙ ላይ «የሰው ብዛት» ብንጽፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰው በጨመረ ቁጥር የባቡሩ መስመር ዳገት ይወጣል፤ የታክሲው ግን ሰዎቹ አንድ መኪና እስከያዛቸው ድረስ ተጋድሞ ይቀራል።)

የሦስተኛውን ጥያቄ መጨረሻ በደንብ አወያዩአቸው። ያው ታክሲ፣ ያው ባቡር፣ አግድሙ ላይ የተጻፈው ሲለወጥ ግን ስሎፑ ተለወጠ። «ምን በጨመረ ቁጥር ምን ይጨምራል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ እዚህ አይሳሳትም።

ወረቀቶቹን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘው ይምጡ፤ የታላላቆቹ ክፍል ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸዋለን። ታክሲ የምትነዱ ወላጆች ደግሞ አንድ የምንለምናችሁ ነገር አለ፦ አሁን የምትሠሩበትን ታሪፍ፣ መነሻውንና የማይሉን፣ በወረቀት ጽፋችሁ ለልጆቹ ላኩልን። አዲሱን መስመር ከድሮው ጎን ሥለው፣ የተወደደው መነሻው ይሁን ዳገቱ፣ እነሱ ይንገሩን።

ሰላም ሰንብቱ።